ተመልሶ የመጣው መቶ ዶላርና የጎደለው አሥር ሺህ ብር

ጥያቄ፦ «ለጥምቀት ከውጭ የመጣችው እኅቴ ሦስት የመቶ ዶላር ኖቶች ሰጠችኝ። በቴሌግራም ከባንክ በ40 ብር አስበልጦ የሚገዛ ሰው አግኝቼ ጎንደር ፒያሳ፣ ካፌ ውስጥ ተገናኘን። አንዱን ኖት ‹ፎርጅድ ነው› ብሎ መለሰልኝ፤ ለሁለቱ 38 ሺህ ብር ራሴ ቆጥሬ ተቀበልሁ። ቤት ስደርስ 28 ሺህ ብቻ ሆኖ አገኘሁት። የተመለሰልኝን ዶላር ባንክ ስወስደው ደግሞ ሐሰተኛ ነው ብለው ያዙት። እኅቴ ከባንክ ነው ያወጣሁት ትላለች። የተሠራብኝ ምንድን ነው? ወደፊትስ በምን ልለየው?»

ምላሽ፦

እኅትዎ የሚሉት እውነት ይመስለኛል። ባንኩ የያዘው ኖት ከእኅትዎ ቦርሳ የወጣው ሳይሆን ሰውየው ይዞት የመጣው ነው፤ የእኅትዎ ኖት ከሌሎቹ ሁለቱ ጋር አብሮ ሄዷል። የጎደለው አሥር ሺህ ብርም እርስዎ ቆጥረው ከጨረሱ በኋላ የወጣ ነው እንጂ ሲቆጥሩ የተሳሳቱት አይደለም። በባንክ የውጭ ምንዛሪ መስኮት ላይ በሠራሁባቸው ዓመታት፣ በተለይ በጥምቀት ሰሞን፣ ይህንኑ ታሪክ በሌላ ሰው አፍ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፤ ቅደም ተከተሉም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። መጀመሪያ የማይገኝ ዋጋ፣ ቀጥሎ «ይኼኛው ፎርጅድ ነው» የሚል ቃል፣ በመጨረሻም የብር ቆጠራ ይመጣል። ሦስቱ የተለያዩ ማታለያዎች ይምሰሉ እንጂ አንዱ ለሌላው መንገድ የሚጠርጉ ናቸው።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር በግልጽ መናገር አለብኝ። ከብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ከሌለው ሰው ጋር ዶላር መመንዘር በሕግ የተከለከለ ነው፤ ገንዘቡም ሊወረስ ይችላል። ይህን የማነሣው እርስዎን ለመውቀስ ሳይሆን አታላዩ ሥራውን የሚሠራው በዚህ ላይ ተመሥርቶ ስለሆነ ነው። የተታለለ ሰው ፈርቶ ዝም እንደሚል አስቀድሞ አስልቷል። ካፌ የሚመርጠው፣ ከጠረጴዛ በታች እንድትቆጥሩ የሚያደርገው፣ በየደቂቃው ወደ በሩ የሚመለከተውም ፍርሃቱን ወደ እርስዎ ለማጋባት ነው። የሚፈራ ሰው ደግሞ አይቆጥርም፤ ቢቆጥርም ሁለተኛ ጊዜ አይቆጥርም።

ከዋጋው ልጀምር፤ ምክንያቱም ጠቅላላው ነገር ገና ቴሌግራም ላይ ሳለ ሊታወቅ ይችል ነበር። በነገሩኝ ቁጥር መሠረት ባንኩ በዚያ ቀን ዶላሩን በ150 ብር ይገዛ ነበር፤ ሰውየው ደግሞ 190 አቀረበ። መንዛሪ፣ ሕጋዊም ሆነ ሕገ ወጥ፣ የሚኖረው በሚገዛበትና በሚሸጥበት ዋጋ መካከል ባለው ልዩነት ነው፤ ይህም ልዩነት ብዙ ጊዜ ጥቂት ብር ብቻ ነው። በዚያው ቀን ሌሎች መንዛሪዎች ዶላር ለሚፈልግ አስመጪ በ175 ብር ይሸጡ ነበር ብለን እናስብ። በ190 የሚገዛ ሰው ከእርስዎ የወሰደውን ለማንም ቢሸጥ በእያንዳንዱ ዶላር 15 ብር ይከስራል ማለት ነው። ለመክሰር የሚነግድ ሰው ስለሌለ ትርፉን ከሌላ ቦታ ሊያገኘው አስቧል፤ ያ ሌላ ቦታ ደግሞ የእርስዎ እጅ ነው። ስለዚህ ማስታወቂያ ስታዩ መጠየቅ ያለባችሁ «ከባንክ ይበልጣል ወይ?» ብላችሁ ሳይሆን «ይህ ሰው በዚህ ዋጋ ገዝቶ ለማን ሊሸጠው ነው?» ብላችሁ ነው።

የቴሌግራም ቻናሎቹ ይህ ጥያቄ እንዳይነሣ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ አንድ የታወቀ ቻናል ስምና ምስል ተወስዶ አንዲት ፊደል ወይም ሰረዝ ትጨመርበታለች፤ አባላቱ ብዙ ሺህ ይመስላሉ፣ ነገር ግን ሐሳብ መስጫው ተዘግቷል። «ዛሬ ተረክቤያለሁ፣ አመሰግናለሁ» የሚሉ የመልእክት ምስሎች በተከታታይ ይለጠፋሉ፤ ልብ ብሎ ላየው ሰው ግን የስልኩ ባትሪና ሰዓት ከአንዱ ምስል ወደ ሌላው አይለወጥም። ዋጋውም ክብ ቁጥር ሆኖ ለቀናት ባለበት ይቆያል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ባንኮች የየራሳቸውን ዋጋ በየቀኑ ስለሚያወጡ፣ ሳይነቃነቅ የሚቆይ የመንገድ ዋጋ በራሱ ሊያጠራጥር ይገባል። «ቀጠሮውን ለመያዝ» ወይም «ለመተማመኛ» ተብሎ አስቀድሞ ገንዘብ ከተጠየቀ ደግሞ ሌላ ምልክት አያስፈልግም።

አሁን ወደ ተመለሰው ኖት እንምጣ። ሰውየው ሦስቱን ኖቶች ተቀብሎ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጎ ተመልክቶ፣ በጥፍሩ ፈግፍጎ፣ ምናልባትም በገንዘብ መፈተሻ ብዕር ጭሮ፣ አንዱን ነጥሎ «ይኼን ማንም አይወስድልዎትም» ብሎ ሰጥቶዎት ይሆናል። ልውውጡ የተደረገው ኖቶቹ ከዓይንዎ በጠፉባት ቅጽበት ነው፤ ወደ ጭኑ ዝቅ ሲያደርጋቸው፣ በስልኩ ብርሃን ሊያይ ሲጎነበስ፣ ወይም «ማሽን ላለው ጓደኛዬ ላሳይ» ብሎ ሲነሣ። ሐሰተኛው ኖት አስቀድሞ ታጥፎ በስልኩ ሽፋን ወይም በእጅጌው ውስጥ ይጠብቅ ነበር። በዚህ አንድ መቶ ዶላር ያተርፋል፤ ለእርሱ ግን ከዚያ የሚበልጥ ጥቅም አለው። እርስዎ አሁን ሐሰተኛ ገንዘብ ይዞ የመጣ ሰው ሆነዋል፤ አፍረዋል፣ እኅትዎን ተጠራጥረዋል፣ ሁለቱን በመቀበሉም ባለውለታዎ ሆኗል። እንዲህ ከሆነ በኋላ «ቆይ፣ እንደገና ልቁጠር» ማለት ይከብዳል።

መከላከያው ቀላል ነው፤ የሚሠራውም አስቀድሞ ከተዘጋጀ ብቻ ነው። ከቤት ሳይወጡ የእያንዳንዱን ኖት ፊት ፎቶ ያንሡ። በመቶ ዶላር ፊት ላይ ተከታታይ ቁጥሩ በሁለት ቦታ ታትሟል፤ በአሁኑ ዘመን ኖቶች ላይ ሁለት ፊደላት፣ ስምንት አኀዞችና በመጨረሻ አንድ ፊደል የያዘ ነው። የተመለሰው ኖት ቁጥር ከፎቶው ጋር ካልተመሳሰለ ክርክሩ እዚያው ያበቃል። ፎቶ ማንሣትዎን ለሰውየው በግልጽ ቢነግሩት ደግሞ መሞከሩንም ይተወዋል። ባንክ ሲሄዱም ይህ ልማድ አይጎዳም።

ኖቱ ራሱ እውነተኛ መሆኑን ለማወቅ ማሽን የግድ አያስፈልግም። ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሠራጨው መቶ ዶላር ፊቱ ላይ ሰማያዊ ጥብጣብ አለው። ይህ ጥብጣብ በወረቀቱ ላይ የተለጠፈ ሳይሆን ከወረቀቱ ጋር የተሸመነ ነው፤ በላዩ ያሉት ትናንሽ ደወሎችና «100» የሚሉት ቁጥሮችም ይንቀሳቀሳሉ። ኖቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲያዘነብሉት ምስሎቹ ወደ ጎን ይሄዳሉ፤ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ሲያዘነብሉት ደግሞ ወደ ላይና ወደ ታች ይሄዳሉ። ይህን እንቅስቃሴ በኅትመት ማስመሰል እጅግ ከባድ ስለሆነ የመጀመሪያው ፈተና አድርጌ የምመክረው እርሱን ነው። ሐሰተኛው ላይ ጥብጣቡ የሚያብረቀርቅ ሰማያዊ መስመር ብቻ ይሆናል፤ ጠርዙን በጥፍር ሲነኩትም ተነሥቶ ይሰማል። ቀጥሎ በቀለም መያዣው ምስል ውስጥ ያለችው ደወል ኖቱን ሲያዘነብሉት ከመዳብ ቀለም ወደ አረንጓዴ ትለወጣለች። ከብርሃን ትይዩ ሲይዙት በስተቀኝ ባዶ በሚመስለው ቦታ የቤንጃሚን ፍራንክሊን ፊት በውሃ ምልክት ይታያል፤ ከምስሉ በስተግራ ደግሞ «USA» እና «100» የሚል ጽሑፍ የያዘ ቀጭን ክር አለ።

በከተማችን ብዙ ሰው የሚያምንባትን ያችን ብዕር ግን አልመክራትም። ብዕሯ የምትሠራው በአዮዲን ነው፤ ተራ ወረቀት ውስጥ ያለውን ስታርች ስታገኝ ትጠቁራለች፣ የዶላር ወረቀት ከጥጥና ከተልባ እግር ክር የተሠራ ስለሆነ ግን ቢጫ ሆና ትቀራለች። ችግሩ የተሻለ የሚሠሩት አታላዮች እውነተኛ የአምስት ዶላር ኖት አጥበው በዚያው ወረቀት ላይ መቶ ማተማቸው ነው። ወረቀቱ እውነተኛ ስለሆነ ብዕሯ ታሳልፈዋለች፤ ለጣትም ትክክለኛ ይመስላል። ከብርሃን ትይዩ ሲያዩት ግን ውስጡ «5» የሚል ቁጥር ወይም የሊንከን ፊት ይታያል፤ ክሩም ላይ መቶ አይነበብም። በአልትራቫዮሌት መብራት ደግሞ የመቶው ክር ሮዝ፣ የአምስቱ ሰማያዊ ሆኖ ያበራል። መንዛሪው ብዕር ብቻ ጭሮ «እውነት ነው» ወይም «ፎርጅድ ነው» ካለ ምንም አላረጋገጠም።

በዚሁ አጋጣሚ፣ ሰማያዊ ጥብጣብ የሌላቸው የቀድሞ መቶ ዶላሮች ሐሰተኛ አይደሉም። አሜሪካ የቀድሞ ኖቶቿን አልሻረችም። ከውጭ የሚመጡ ዘመዶቻችን እንዲህ ያለ ኖት ሲያቀርቡ «ይኼ ተሽሯል» እየተባለ በግማሽ ዋጋ ይወሰድባቸዋል፤ ይህም ራሱን የቻለ ማታለያ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ከ1996 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተሠራጩትን በውሃ ምልክቱ፣ በክሩ፣ እንዲሁም በቀኝ ታችኛው ማዕዘን ባለው ቀለሙን በሚለውጥ «100» ማረጋገጥ ይቻላል።

አሥር ሺህ ብሩ እንዴት እንደጎደለ አሁን ልግለጽ፤ ከሁሉም በላይ ልብ ሊባል የሚገባው ይህ ነው። 38 ሺህ ብር በሁለት መቶ ብር ኖት 190 ኖት ነው። ሰውየው መጀመሪያ የሰጠዎት 189 ይሆናል፤ አንድ ኖት ሆን ብሎ አጉድሏል። እርስዎ በጥንቃቄ ቆጥረው «አንድ ሁለት መቶ ጎደለ» አሉ። እርሱም ደንግጦ ይቅርታ ጠይቆ ብሩን ተቀበለ፣ ራሱም በፍጥነት ቆጠረ፣ «ልክ ነዎት» አለ፣ ከኪሱም አንድ ሁለት መቶ አውጥቶ ዓይንዎ እያየ ከላይ ጨመረ። ከዚያ ብሩን ለሁለት አጥፎ በእጅዎ ላይ አኖረ፤ እርስዎም ኪስዎ ከተቱት። ይህን ካስታወሱ መልሱን አግኝተዋል ማለት ነው። ብሩ ወደ እርሱ ተመልሶ በነበረበት ጊዜ፣ ቀኝ እጁ ከላይ አንድ ኖት ሲጨምር ግራ እጁ ከሥር 50 ኖት ወደ መዳፉ አውርዷል። የታጠፈ ሃምሳ ኖት ውፍረቱ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ብዙም ስለማይበልጥ በመዳፍ ውስጥ ሆኖ ወደ ጭን ወይም ወደ ክፍት ቦርሳ ለመውረድ አያስቸግርም። የቀረው 140 ኖት፣ ማለትም 28 ሺህ ብር ነው።

ማታለያው የሚሠራው ጥንቁቅ በሆነ ሰው ላይ መሆኑ ያሳዝናል። የማይቆጥር ሰው የጎደለችውን አንድ ኖት አያገኝም፤ ስለዚህ ብሩን አይመልስም። የቆጠረ ሰው ግን ጉድለቱን አግኝቶ ሲስተካከል ስላየ፣ ልቡ «አሁን ሙሉ ነው» ብሎ ይዘጋል። ሂሳቡንም እናድርገው። በ190 ብር የተስማሙበት ዶላር በመጨረሻ በ140 ብር ተሸጠ፤ ይህም ከባንኩ በ10 ብር ያነሰ ነው። የተለወጠው መቶ ዶላር ሲጨመርበት፣ በባንክ 45 ሺህ ብር ያወጣ የነበረው 300 ዶላር 28 ሺህ ብቻ አስገኝቶልዎታል።

ስለዚህ ደንቡ አንድ ነው፤ ብሩ ከቆጠሩት በኋላ በማንኛውም ምክንያት ወደ ሰውየው እጅ ከተመለሰ ቆጠራዎ ፈርሷል፣ ከአንድ ጀምረው እንደገና ይቆጥራሉ። ጉድለት ሲያገኙ ደግሞ ብሩን አይመልሱ። «የጎደለውን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡ» ይበሉና ራስዎ አንሥተው ይጨምሩ። ዶላሩም እርስዎ ቆጥረው እስኪጨርሱ ድረስ ከእርስዎ ዘንድ ይቆይ፤ ይህን የማይቀበል ሰው ሌላ ነገር አስቧል።

አቆጣጠሩም ልዩነት ያመጣል። ብሩ ታጥፎ በጣቶች መካከል ተይዞ ጠርዙ ብቻ ሲቆጠር፣ በውስጡ ለሁለት የታጠፈ ኖት ካለ ሁለት ጠርዝ ስላለው ሁለት ሆኖ ይቆጠራል። አሥር ኖቶች እንዲህ ከታጠፉ 2,000 ብር ጠፋ ማለት ነው። እያንዳንዱን ኖት ዘርግቶ በጠረጴዛ ላይ በአሥር በአሥር መደርደር ጊዜ ይወስዳል፤ ነገር ግን የታጠፈው፣ ከላይና ከታች በሁለት መቶ ተሸፍኖ መሐል የገባው አነስተኛ ኖትና ሐሰተኛው ሁሉ የሚገለጡት በዚህ ጊዜ ነው። በመሐል «ፖሊስ መጣ!» የሚል ድምፅ ከተሰማ ብሩን ሳይሆን መጀመሪያ ዶላርዎን ይያዙ፤ ድምፁን የሚያሰማው ብዙውን ጊዜ አጠገባችሁ የተቀመጠው የሰውየው ጓደኛ ነው።

በብሩ በኩልም ሁለት ነገሮች ይታዩ። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች ተለውጠው ሁለት መቶ ብር ለመጀመሪያ ጊዜ ገብቷል። ከዚያ በፊት ከአገር የወጣ ሰው የተሻረውን መቶ ብር በዓይኑ ስለሚያውቀው ሳይጠራጠር ይቀበለዋል፤ ስለዚህ ለበዓል የሚመጡ ዘመዶችዎ ብር ሲቀበሉ አዲሱን ኖት አስቀድመው ያሳዩዋቸው። ሐሰተኛ ሁለት መቶ ብር ሲጠረጠር ደግሞ ጥሩው መንገድ ከታወቀ እውነተኛ ኖት ጋር ጎን ለጎን ማድረግ ነው፤ የኅትመቱን ሸካራነት በጣት መዳሰስ፣ ከብርሃን ትይዩ ይዞ ክሩንና የውሃ ምልክቱን ማነጻጸር። ከአንድ ሰው የተገኙ ሁለት ኖቶች አንድ ዓይነት ተከታታይ ቁጥር ካላቸው ግን ከዚያ በላይ መመርመር አያስፈልግም።

ጥሬ ብሩን ፈርተው «በቴሌብር ላስገባልዎ» ወይም «በንግድ ባንክ አካውንት ልላክ» የሚለውን የሚመርጡ ሰዎችም አሉ። እዚህ ላይ የሚቀርበው ማታለያ የተሰናዳ የደረሰኝ ምስል ወይም ከባንክ የመጣ የሚመስል አጭር መልእክት ነው። የደረሰኝ ምስል በስልክ በደቂቃዎች ውስጥ ይሠራል፤ የላኪው ስምም ሊመሰል ይችላል። ገንዘቡ መድረሱን የሚያረጋግጠው በራስዎ መተግበሪያ፣ ወይም ለቴሌብር *127#፣ ለንግድ ባንክ *889# ደውለው የሚያዩት ቀሪ ሂሳብ ብቻ ነው። «ኔትወርክ ነው፣ አሁን ይገባል» ከተባለ ዶላሩም እስኪገባ ድረስ በኪስዎ ይቆይ።

እኅትዎ ሌላ ዶላር ካላቸው፣ ፒያሳ ላይ ያሉትን ባንኮች ዋጋ በአንድ ጠዋት ማነጻጸር ይቻላል። ከ2016ቱ ለውጥ በኋላ የአንዱ ባንክ ዋጋ ከሌላው ስለሚለይ መጠየቁ ዋጋ አለው። ብሔራዊ ባንክ ፈቃድ የሰጣቸው የግል የምንዛሪ ቢሮዎችም አሉ፤ የትኛውም ፈቃድ ያለው ተቋም ደረሰኝ ይሰጣል። ኖቱን የሚመረምረውም ፊት ለፊትዎ ነው፤ ሐሰተኛ ነው ቢል እንኳ በእጁ የገባው የትኛው ኖት እንደሆነ በፎቶዎ ማሳየት ይችላሉ።

አሁን በእጅዎ ያለውን ጉዳይ በተመለከተ፣ የቴሌግራሙን ንግግር አያጥፉ፤ የሰውየውን የተጠቃሚ ስም፣ ስልክ ቁጥርና ማስታወቂያውን በምስል ያስቀምጡ፣ ምክንያቱም ቻናሉ ብዙም ሳይቆይ ስሙን ይለውጣል። ባንኩ ኖቱን ሲይዝ የሰጠዎት ወረቀት ካለ ይጠብቁት፤ ካልሰጠዎት ተመልሰው የኖቱ ተከታታይ ቁጥር የተጻፈበት ማስረጃ ይጠይቁ። ፖሊስ ዘንድ ሲቀርቡ ዶላሩ ከየት እንደመጣና ለማን እንደተሰጠ ሳይሸሽጉ ይናገሩ፤ የምንዛሪው ክልከላ እርስዎንም ስለሚነካ አስቀድሞ ከሕግ ባለሙያ ጋር መመካከሩ ይጠቅማል። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ዛሬውኑ 140ውን ኖት ዘርግተው አንድ በአንድ ይመልከቱ። እንዲህ ያለ ሰው የተወልዎት ብር ውስጥ ሐሰተኛ ሊኖር ይችላል። ካገኙ ለባንክ ወይም ለፖሊስ ያስረክቡ፤ ሐሰተኛ መሆኑን ካወቁ በኋላ ለሱቅ ወይም ለባጃጅ ቢከፍሉበት ወንጀሉ የእርስዎ ይሆናል።